«የዛሬ ስምንት» ለምን ሰባት ቀን ሆነ? የሳምንቱ ቀናትና የስማቸው ጉዞ

ኮየ ፈጬ፣ የምንኖርበት ሕንፃ መግቢያ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። «ውሃ በየ8 ቀኑ ይለቀቃል» ይላል፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። የመጨረሻው ውሃ የመጣው ማክሰኞ ሌሊት ነበር። አንደኛ ፎቅ ያሉት እናት የሚቀጥለው ማክሰኞ ሲመሽ በርሜላቸውን አጥበው፣ ጀሪካናቸውን ደርድረው ጠበቁ። አራተኛ ፎቅ ያለው የአካውንቲንግ ተማሪ ግን በጣቱ ቆጥሮ «ረቡዕ ነው» ብሎ ተኛ። ውሃው ማክሰኞ ሌሊት መጥቶ ሄደ።

ጠዋት ደረጃ ላይ ሲገናኙ ልጁ ተናዶ ነበር። «እማማ፣ ስምንት ቀን እኮ ነው የሚለው!» አላቸው። «ልጄ፣ የዛሬ ስምንት ማለት የዛሬ ሳምንት ነው፤ ማክሰኞ ከነማክሰኞው ይቆጠራል» አሉትና ሁለት ጀሪካን ሰጡት። ነገሩ በዚያ አለቀ፤ እኔ ግን ወደ ቢሮ የሚወስደኝን ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ።

ስምንት ተብሎ ሰባት

«ሳምንት» የሚለው ቃል ራሱ የተወለደው ከስምንት ነው። ግዕዙ «ሰሙን» ይለዋል፤ ሰሙነ ሕማማት የምንለው በዚሁ ቃል ነው። ሰባት ቀን ያለው ነገር በስምንት የተጠራው የቀድሞ ሰዎች ሲቆጥሩ መነሻውንም መድረሻውንም ቀን ስለሚያስገቡ ነው። ከፋሲካ እሑድ እስከ ዳግም ትንሣኤ እሑድ ሁለቱንም እሑዶች ይዛችሁ ብትቆጥሩ ስምንት ታገኛላችሁ። «የዛሬ አሥራ አምስት እመልስልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የተበደረ ሰውም የቀጠረው ሁለት ሳምንት እንጂ አሥራ አምስት ሙሉ ቀን አይደለም። ግዕዝ ለዚሁ ጊዜ ሌላ ቃልም አለው፤ «ሱባኤ»፣ እሱ ደግሞ ከሰባት የወጣ ነው። አንዱ ቃል አጥሩን ከነምሰሶዎቹ ቆጠረ፤ ሌላው በምሰሶዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ብቻ።

ይህ አቆጣጠር የእኛ ብቻ አይደለም። ጥንታዊ ሮማውያን ሳምንት ከማወቃቸው በፊት በየስምንት ቀኑ የሚቆም ገበያ ነበራቸው፤ የሚጠሩት ግን ዘጠኝ ከሚለው ቃል በወጣ ስም፣ «ኑንዲናይ» ብለው ነው። ፈረንሳዮችም እስከ ዛሬ «ስምንት ቀን» ሲሉ ሳምንት፣ «አሥራ አምስት ቀን» ሲሉ ሁለት ሳምንት ማለታቸው ነው። የአንደኛ ፎቋ እናት ጥንታዊ ሮም ቢሄዱ የገበያው ቀን አይስታቸውም ነበር፤ ተማሪው ግን እዚያም ገበያው ከተበተነ በኋላ ይደርስ ነበር።

ታዲያ ስሙን ትተን ወደ ቁጥሩ ስንመጣ፣ ለምን ሰባት?

ሰማይ ላይ የሌለ ቁጥር

ቀን ከፀሐይ መውጣትና መግባት የመጣ ነው። ወር ከጨረቃ፣ ዓመት ከወቅቶች። ሳምንት ግን ሰማይ ላይ ቀጥታ የሚያመለክተው ነገር የለም። ብዙ ሰው «የጨረቃ ሩብ ነው» ይላል፤ ሲያዩት ደግሞ እውነት ይመስላል። ጨረቃ ከልደቷ እስከ ሙሉነቷ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ እስከ መጥፋቷ ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል። ችግሩ ከአንድ አዲስ ጨረቃ እስከ ሌላው ያለው ጊዜ 29 ቀን ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። አራት ሳምንት 28 ቀን ነው። በየወሩ አንድ ቀን ተኩል ይተርፋል። የዘንድሮ ጥቅምት አዲስ ጨረቃ እሑድ ብትታይ የኅዳሯ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ላይ ትወድቃለች። በጨረቃና በሳምንት መካከል የነበረው ውል በመጀመሪያው ወር ይፈርሳል።

ባቢሎናውያን ይህን ያውቁ ነበር። በወራቸው 7ኛውን፣ 14ኛውን፣ 21ኛውንና 28ኛውን ቀን ክፉ ቀን ብለው የለዩባቸው ጽሑፎች አሉ፤ በእነዚያ ቀናት ንጉሡ ከአንዳንድ ሥራ ይታቀባል። ነገር ግን አዲስ ጨረቃ በታየች ቁጥር ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ያ ከወሩ ጋር የታሰረ የሰባት ቀን ምልክት እንጂ ሳምንት አይደለም። ሳምንት የሆነው ሰው ከጨረቃዋ ፈትቶ ዝም ብሎ ሰባት እየቆጠረ፣ ወሩ ተጋመሰ ወይም አለቀ ሳይል መቀጠል ሲጀምር ነው። ይህን ያደረጉት አይሁድ ናቸው። ስድስት ቀን ሥራ፣ ሰባተኛው ሰንበት፤ ጨረቃ ብትወጣም ባትወጣም።

ይህ ቆጠራ ምን ያህል ግትር እንደሆነ ለማየት የእኛንና የአውሮፓውያንን የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ማድረግ ይበቃል። ዓመቱ ይለያያል፣ ወሩ ይለያያል፣ የወሩም ቀን ይለያያል። ረቡዕ ግን በሁለቱም ረቡዕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1582 ሮም የቀን መቁጠሪያዋን ስታርም አሥር ቀን ዘለለች፤ ሐሙስ ጥቅምት 4 ተብሎ አደረና ሲነጋ ዓርብ ጥቅምት 15 ሆነ። አሥር ቀን ሲጣል ከሐሙስ ቀጥሎ ዓርብ መምጣቱን ግን ማንም አልነካም።

በእኛ ባሕረ ሐሳብም እንደዚሁ ነው። ዓመት 365 ቀን ነው፤ ሃምሳ ሁለት ሳምንት ሞልቶ አንድ ቀን ይተርፋል። ስለዚህ ዕንቁጣጣሽ በየዓመቱ አንድ ቀን ወደፊት ትገፋለች፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች ደግሞ ሁለት። ሊቃውንቱ ይህን ወደ አንድ አጭር ስሌት አመጡት። የ2018ን ዕንቁጣጣሽ ብንፈልግ 5500 እንጨምርና 7518 እናገኛለን፤ ይህ ዓመተ ዓለሙ ነው። ይህን ለአራት ስናካፍል 1879 ይደርሳል፣ መጠነ ራብዒት የሚሉት ነው፤ የተረፈው ሁለት የዓመቱ ወንጌላዊ ማርቆስ መሆኑን ይነግረናል። ዓመተ ዓለሙና መጠነ ራብዒቱ ሲደመሩ 9397። ለሰባት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል። የሚቆጠረው ጥንተ ቀመር ከሚባለው ከማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ አንድ፣ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ ሦስት። የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ነበር። የማካፈል ትርፍ ቀን ይወልዳል፤ ይህን ያዙልኝ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው።

ሰባት ቤት፣ አንድ ቦኖ

አሁን ስሞቹ። እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ «ሰንደይ» የፀሐይ ቀን፣ «መንደይ» የጨረቃ ቀን፣ «ሳተርደይ» የሳተርን ቀን ነው። በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ ማክሰኞ የማርስ፣ ረቡዕ የሜርኩሪ፣ ሐሙስ የጁፒተር፣ ዓርብ የቬነስ ነው። በዓይን ብቻ ሰማይን የሚያይ ሰው ከከዋክብት መካከል ቦታቸውን እየቀየሩ የሚዞሩ ሰባት ብርሃናትን ያገኛል፤ ፀሐይ፣ ጨረቃና አምስት ፕላኔቶች። ዩራነስ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1781 በቴሌስኮፕ ነው፤ ያኔ ሳምንቱ ሞልቶ አድሮ ነበር።

ሰባት ብርሃን፣ ሰባት ቀን። እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ከባዱ ቅደም ተከተሉ ነው። ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ማርስ፣ ሜርኩሪ፣ ጁፒተር፣ ቬነስ፣ ሳተርን፤ ይህ በርቀት አይደለም፣ በድምቀት አይደለም፣ በትልቅነትም አይደለም። በዘፈቀደ የተደረደረ ይመስላል። አይደለም። የማካፈል ትርፍ ነው።

የጥንት ግሪኮች ብርሃናቱን የደረደሩት ዙራቸውን ለመጨረስ በሚወስድባቸው ጊዜ ነው፤ የዘገየ ሩቅ ነው ብለው። ሳተርን ሰማይን ዞሮ ለመመለስ 29 ዓመት ተኩል ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ከሁሉ ሩቁ እሱ ነው። ጁፒተር 12 ዓመት ገደማ። ማርስ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ከዚያ ፀሐይ፣ አንድ ዓመት። ከፀሐይ በታች ቬነስና ሜርኩሪ፣ በመጨረሻም በ27 ቀን ዙሯን የምትጨርሰው ጨረቃ። ሳተርን፣ ጁፒተር፣ ማርስ፣ ፀሐይ፣ ቬነስ፣ ሜርኩሪ፣ ጨረቃ። ይህን ሰልፍ ያዙት፤ ኮከብ ቆጣሪዎች የቀኑን ሰዓት ሁሉ በዚህ ተራ ለእነዚህ ብርሃናት ያድሉ ነበር።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ገና መስመር ያልገባላቸው ቤቶች አጠገብ አንድ ቦኖ አለ እንበል፤ ሰባት ግቢ በተራ ይቀዳበታል፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ ሰዓት፣ ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ። ተራው «ከሩቅ የመጣ ይቅደም» ነው። የቀኑ ስም ደግሞ ጎህ ሲቀድ ቧንቧውን በሚከፍተው ቤት ይጠራል።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ሳተርን ከፈተ። ቀኑ የሳተርን ቀን ነው። 1 ሰዓት ሲሆን ለጁፒተር አስረከበ፣ 2 ሰዓት ማርስ፣ 3 ሰዓት ፀሐይ፣ 4 ሰዓት ቬነስ፣ 5 ሰዓት ሜርኩሪ፣ 6 ሰዓት ላይ እኩለ ቀን ጨረቃ። ሰልፉ አለቀ፤ 7 ሰዓት ላይ ሳተርን እንደገና ይመጣል። ለሦስተኛ ጊዜ ተራው የሚደርሰው ማታ 2 ሰዓት፣ ለአራተኛ ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። 10 ሰዓት ጁፒተር፣ 11 ሰዓት ማርስ። ነጋ፤ 12 ሰዓት ሆነ። ቧንቧውን የሚከፍተው ማን ነው? ፀሐይ። እሑድ የፀሐይ ቀን ሆነ።

ሃያ አራቱን ሰዓት ለሰባት ስታካፍሉ ሦስት ስለሚተርፍ፣ የጎህ ተራ በየቀኑ በሰልፉ ሦስት ቤት ወደፊት ይሄዳል። ከፀሐይ ሦስት ስንሄድ ቬነስ፣ ሜርኩሪ፣ ጨረቃ፤ ሰኞ የጨረቃ። ከጨረቃ ሦስት፤ ሳተርን፣ ጁፒተር፣ ማርስ። ማክሰኞ የማርስ። ቀሪውን ራሳችሁ ብትሞክሩት ረቡዕ ላይ ሜርኩሪ፣ ሐሙስ ላይ ጁፒተር፣ ዓርብ ላይ ቬነስ ይወጣላችኋል፤ ሰባተኛው ጎህ ደግሞ ተመልሶ ለሳተርን ይደርሳል።

ይህን ለአውሮፓዊ ማስረዳት ትንሽ ያስቸግራል፤ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚጀምር ሰዓቱን መገልበጥ አለበት። እኛ ግን የምንቆጥረው ልክ እንደ ኮከብ ቆጣሪዎቹ ነው። ለጥንቱ ሮማዊም እኩለ ቀን ስድስተኛው ሰዓት ነበር። ዓርብ ስቅለት «ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ ሆነ» ሲነበብ እኛ ማሰብ ሳያስፈልገን የሚገባን ለዚህ ነው።

ይህ ማብራሪያ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ካሲየስ ዲዮ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም ቀናትን በፕላኔት መጥራት ከግብፅ የመጣ፣ ያን ያህልም ያልቆየ ልማድ መሆኑን ጽፎ ሁለት ምክንያት ይሰጣል። አንዱ የሙዚቃ ነው፤ በሰልፉ ላይ በአራተኛው ድምፅ እየዘለሉ መሄድ። ሌላው የሰዓቶቹ ተራ ነው። ሁለቱም አንድ ቦታ ያደርሳሉ፤ እኔ የማምነው ግን ሁለተኛውን ነው። ኮከብ ቆጣሪ ሥራው «ይህች ሰዓት የማን ናት?» ማለት ስለሆነ።

ሰልፉ ትክክለኛው መሆኑን ማረጋገጥም ይቻላል፤ ሌላ ሰልፍ ይዞ መሞከር ነው። ፕላቶ ፀሐይን ከጨረቃ ቀጥሎ አድርጎ ነው የደረደረው። የእሱ ሰልፍ ከሩቅ ሲጀምር ሳተርን፣ ጁፒተር፣ ማርስ፣ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ፀሐይ፣ ጨረቃ ነው። በሦስት በሦስት ስንሄድ ከሳተርን ቀን ቀጥሎ የሜርኩሪ ቀን፣ ከዚያ የጨረቃ፣ የማርስ፣ ከዚያም የፀሐይ ይመጣል። የፀሐይ ቀን ረቡዕ ላይ ወደቀ ማለት ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሳምንት የለም። ስለዚህ ስሞቹን የሰጡት ሰዎች ከፕላቶ ዘመን በኋላ የመጡ፣ ፀሐይን መሐል ያስቀመጡ ናቸው። ቀንና ሌሊትን ሃያ አራት ማድረግ የግብፅ ነው፣ ፕላኔቶችን በትጋት መመዝገብ የባቢሎን፣ በርቀት መደርደር የግሪክ። ሦስቱ የተገናኙት በግሪኮች ዘመን ግብፅ ውስጥ ነው፤ የታሪክ ምሁራን ጣታቸውን ወደ እስክንድርያ የሚቀስሩት በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው ፖምፔይ ግድግዳ ላይ የቀናቱ አማልክት በተራ ተጽፈው ተገኝተዋል፤ ከሳተርን ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ተራ ሰው ግድግዳ ላይ የሚጭረው ነገር ሆኖ ነበር ማለት ነው። የአይሁድ ሰንበትና የኮከብ ቆጣሪዎቹ የሳተርን ቀን አንድ ላይ ወድቀው ተጣበቁ። እ.ኤ.አ. በ321 ቆስጠንጢኖስ የፀሐይ ቀን ፍርድ ቤትና የከተማ ሥራ እንዲያርፍ ሲያዝ ሁለቱ ጅረቶች በሕግ አንድ ወንዝ ሆኑ። ገበሬው ግን እርሻው እንዳያልፍበት ተፈቅዶለት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ስሞቹ ተጓዙ። የጀርመን ጎሳዎች የሮማን አማልክት በራሳቸው አማልክት ተክተው ተረጎሙ፤ በማርስ ፋንታ ቲው፣ በሜርኩሪ ፋንታ ዎደን፣ በጁፒተር ፋንታ ነጎድጓዳዊው ቶር፣ በቬነስ ፋንታ ፍሪግ። ለሳተርን አቻ ሳያቀርቡ በስሙ ተዉት። በህንድ ቋንቋዎች እሑድ የፀሐይ፣ ሰኞ የጨረቃ ነው። በጃፓንም ማክሰኞ የእሳት ቀን ነው፣ የማርስ ስም «የእሳት ኮከብ» ስለሆነ፤ ረቡዕ የውሃ፣ ሐሙስ የእንጨት፣ ዓርብ የብረት፣ ቅዳሜ የአፈር፣ ሁሉም የየፕላኔቱ ስም። ቶኪዮና ሮም ሳይመካከሩ ተመሳሳይ የተዘበራረቀ ቅደም ተከተል ሊያወጡ አይችሉም። ከአንድ ቦኖ ነው የቀዱት።

እኛስ?

እኛ ከዚያ ቦኖ አልቀዳንም። እሑድ «አሐዱ» ነው፣ አንድ። ሰኞ ከግዕዙ «ሰኑይ»፣ ሁለተኛ። ረቡዕ አራት፣ ሐሙስ አምስት። ከእነዚህ አምስት ቀናት ማክሰኞ ብቻ ቁጥሩን ጥሎ «የሰኞ ማግስት» ሆነ፤ ግዕዙ ግን «ሠሉስ» ብሎ ሦስትነቱን ጠብቆታል። ስልኬ ላይ ሳምንቱን ከሰኞ የሚጀምር ካላንደር ሳይ ሁልጊዜ ፈገግ የምለው ለዚህ ነው፤ «ሁለት» የሚባለው ቀን አንደኛ ተሰልፎ፣ «አንድ» መጨረሻ ላይ ቆሞ። አራተኛው ቀን ረቡዕ የሚሆነው ከእሑድ ሲቆጠር ብቻ ነው።

ይህ አቆጣጠር የሰንበት ሰዎች አቆጣጠር ነው። ዕብራይስጥም፣ ዐረብኛም፣ ግሪክኛም ቀናትን በቁጥር ይጠራሉ። ከአውሮፓ ምዕራብ ፖርቱጋልኛም እንደዚሁ ነው፤ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የብራጋው ጳጳስ ማርቲን ክርስቲያን ቀናትን በአማልክት ስም መጥራቱን አጥብቆ ነቅፎ ነበር። በእኛ ዙሪያ ያለው ኦሮምኛም ከዚሁ ወገን ብዙ ወስዷል፤ ሮቢ አራት ነው፣ ከሚሳ አምስት፣ ጂማታ ከጁምዓ፣ ሰንበታ ከሰንበት። ታክሲ ውስጥ አንዱ «ረቡዕ» ሌላው «ሮቢ» ሲል የሚጠሩት አንድ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ የሚሰበረው ዓርብና ቅዳሜ ላይ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመው ቦታም እሱ ነው። ዓርብ ስድስት ማለት አይደለም። ፀሐይ ከመግባት ጋር የተያያዘ ቃል ነው፣ ከ«ምዕራብ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ የሰንበት ዋዜማ ማለት ነው። በአራማይክም የዓርብ ስም ከዚሁ ሥር ነው፤ ዐረቦችም «ጁምዓ» ከማለታቸው በፊት ዓርብን «ዐሩባ» ይሉ ነበር። ዋዜማ ደግሞ የሚከተለው በዓል ከሌለ ዋዜማ አይሆንም። ዓርብ ባልን ቁጥር ቅዳሜ ሰንበት መሆኗን እየመሰከርን ነው።

ቅዳሜስ? «ቀዳሚት» ናት፣ የመጀመሪያዋ። ማለትም ቀዳሚት ሰንበት፣ ከእሑድ ሰንበት የምትቀድመው። ስለዚህ በአማርኛ «የመጀመሪያ» የሚባል ቀንና «አንድ» የሚባል ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ለማያውቅ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ከስሟ በስተጀርባ ትልቅ ክርክር አለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ቅዳሜ እንደ እሑድ እንድትከበር ሲከራከሩ ተሰደዱ። ነገሩ የተቋጨው እ.ኤ.አ. በ1450 በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው፤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ።

ፕላኔቶቹን ጨርሶ ሳናውቃቸው አልቀረንም። የእኛ ኮከብ ቆጣሪዎች ዙሐል፣ መሽተሪ፣ መሪኅ እያሉ በዐረብኛ ስማቸው ይቆጥሯቸው ነበር። ግን ከደብተራው መጽሐፍ ወጥተው ገበያ አልገቡም። ገበያው የያዘው ቁጥሩን ነው፣ እንዲያውም ቁጥሩን ከተማ አደረገው። ባሕር ዳር አጠገብ ሐሙሲት አለች፣ ከጎንደር በታች ማክሰኚት፣ ሌላ ቦታ አርብ ገበያ። በየሰፈሩ ያለው ገበሬ አህያውን ጭኖ የሚነሳው «ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ ሳይሆን «ዛሬ ማን ነው?» ብሎ ነው።

አምስት ቀን ቢሆንስ?

ወደ ውሃው ልመለስ። ከወረቀቱ ጭቅጭቅ በኋላ የብሎኩ ኮሚቴ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ከጋራው ሮቶ ወደ ቤቶቹ የሚለቀቀው በየአምስት ቀኑ ይሁን፣ ቶሎ ቶሎ ይደርሳል። ጥሩ ይመስላል። ማክሰኞ ተጀመረ፤ ቀጣዩ እሑድ፣ ከዚያ ዓርብ፣ ረቡዕ፣ ሰኞ፣ ቅዳሜ፣ ሐሙስ፣ ተመልሶ ማክሰኞ ላይ የሚደርሰው ከ35 ቀን በኋላ ነው። እሑድ ሲመጣ ቅዳሴ ላይ የነበረው አልቀዳም። ረቡዕ ሲመጣ ሁሉም ሥራ ላይ ነበር። ዓርብ ሲመጣ ለጁምዓ የወጡት አመለጣቸው። ማንም ቀኑን በቃሉ መያዝ አልቻለም፤ ለምን ቢባል የተቀረው ኑሮአችን፣ እቁቡም እድሩም ጾሙም ደመወዝተኛው የሚያርፍበትም ቀን፣ በሰባት ስለሚዞር።

ሶቪየት ኅብረት ይህንኑ በመላ አገሪቱ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1929 ፋብሪካዎች ያለ ማቋረጥ እንዲሠሩ የአምስት ቀን ሳምንት ታወጀ፤ ሠራተኛው በአምስት ቀለም ተከፍሎ እያንዳንዱ ቀለም በየራሱ ቀን ያርፋል። ባል ቢጫ ሚስት ቀይ ከሆነች አብረው የሚውሉበት ቀን አልነበራቸውም። በ1931 ወደ ስድስት ቀን ተቀየረ፣ በ1940 ደግሞ ወደ ሰባቱ ተመለሱ። ከእነሱ በፊት የፈረንሳይ አብዮተኞች በ1793 የአሥር ቀን ሳምንት አውጀው ነበር፤ ዕረፍቱ ከሰባት ቀን ወደ አሥር ቀን የራቀበት ሕዝብ አልወደደውም፣ በ1802 እሑድ የዕረፍት ቀን ሆኖ ተመለሰ።

የእኛ ኮሚቴ ያን ያህል አልቆየም። ባለፈው እሑድ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፤ ቁጥር የለበትም። «ውሃ ማክሰኞና ቅዳሜ ከማታው 2 ሰዓት ጀምሮ» ይላል። ተማሪው ሥሩ ላይ በእስክሪብቶ «ማክሰኞ ከነማክሰኞው» ብሎ ጨምሮበታል።